ለሐምሌ የተሸጠ የታኅሣሥ በቆሎ

በአገራችን በቆሎ በብዛት የሚሰበሰበው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ያን ሰሞን ገበያው በእህል ይጠግባል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ጎተራው ይጎድላል፤ ዋጋው ሽቅብ ይወጣል። ይህን ለማወቅ ነጋዴ መሆን አያስፈልግም። ነገሩ የሚከብደው አንድ የዶሮ መኖ ፋብሪካ በታኅሣሥ መጨረሻ እህል ነጋዴው ዘንድ ሄዶ፣ «በቆሎውን ሐምሌ 1 ቀን ያስረክቡኛል፤ ገንዘቡንም ያን ቀን እከፍልዎታለሁ። ዋጋውን ግን ዛሬ እንቁረጥ» ሲል ነው።

የስንት ብር ዋጋ ይቆረጥ? ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ወደ ትንበያ ይሮጣል። በልጉ እንዴት ይሆናል? ነዳጅ ይጨምር ይሆን? ከውጭ እህል ይገባ ይሆን? ነጋዴው «ሐምሌ ላይ 5,500 ይገባል» ይላል፣ የፋብሪካው ሰው «ከ4,200 አያልፍም» ይላል፤ ድርድሩ ማን የተሻለ ጠንቋይ ነው ወደሚል ክርክር ይዞራል። የፋይናንስ ባለሙያዎች ግን ለዚህ ዓይነቱ የወደፊት ርክክብ ውል ዋጋ የሚያወጡት ሐምሌ ላይ ምን እንደሚሆን በመገመት አይደለም። የሚነሱት ከዛሬው ዋጋ ነው፤ በዚያ ላይ ዕቃውን እስከ ርክክቡ ቀን ይዞ ለመቆየት የሚጠይቀውን ወጪ ይደምራሉ። ይህ የማቆያ ወጪ ይባላል፤ ሐሳቡን ለመረዳት አንድ ኩንታል በቆሎ ይዞ እስከ መጨረሻው መሄድ ይበቃል።

ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። በቆሎ ዛሬ በኩንታል 4,000 ብር ይሸጣል እንበል። ነጋዴው ውሉን ፈርሞ እንቅልፉን ለመተኛት ከፈለገ ማድረግ ያለበት አንድ ነገር ነው፤ በቆሎውን ዛሬውኑ ገዝቶ መጋዘን ማስገባት። ከዚያ በኋላ ሐምሌ ላይ ገበያው 3,000 ቢሆን ወይም 7,000 ቢደርስ ለእርሱ ለውጥ የለውም። የሚያስረክበው እህል እጁ ላይ ነው፣ የሚቀበለውም ዋጋ ተቆርጧል። ስለዚህ የሚጠይቀው ዋጋ ወጪውን መሸፈን አለበት።

የመጀመሪያው ወጪ ገንዘቡ ራሱ ነው። 4,000 ብሩን ከባንክ በዓመት 18 በመቶ ወለድ ቢበደር፣ ከጥር 1 እስከ ሐምሌ 1 ያለው ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ልክ 180 ቀን፣ ማለትም ግማሽ ዓመት ገደማ ነው። ወለዱ 9 በመቶ፣ በብር 360 ይሆናል። ሁለተኛው መጋዘኑ ነው። ኪራዩ፣ ጥበቃውና የተባይ መከላከያው ተደምሮ በኩንታል በወር 25 ብር ቢሆን ለስድስት ወር 150 ብር ይመጣል። የመጋዘን ባለቤት ቅድሚያ ካስከፈለ ይህም 150 ብር ወለድ ይቆጥራል፤ 13 ብር ከ50 ሳንቲም ይጨመርበታል። እስካሁን 4,523 ብር ከ50 ደረስን።

ሦስተኛውን ወጪ መጋዘን ገብቶ የማያውቅ ሰው ይረሳዋል። ጥር ላይ የገባው አንድ ኩንታል ሐምሌ ላይ አንድ ኩንታል ሆኖ አይወጣም። ነቀዝ ይበላዋል፣ አይጥ ይቀምሰዋል፣ በጆንያ ቀዳዳ ይፈሳል፣ እርጥበቱም እየቀነሰ ሲሄድ ሚዛኑ ይቀልላል። በደንብ ሳይደርቅ የገባ በቆሎ ደግሞ ይሻግታል፤ የሻገተ በቆሎ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊያፈራ ስለሚችል የመኖ ፋብሪካው ሚዛኑ ሞላም አልሞላ አይቀበለውም። ብክነቱ 2 በመቶ ብቻ ነው እንበል። እንግዲህ 1,000 ኩንታል ለማስረከብ የፈረመ ነጋዴ መግዛት ያለበት 1,000 ሳይሆን 1,020 ኩንታል ከ40 ኪሎ ገደማ ነው። በስሌት ስናስገባው 4,523.50ን በ0.98 እናካፍላለን፤ 4,616 ብር ይመጣል።

ይህ 4,616 ብር የሐምሌ 1 የወደፊት ዋጋ ነው። ከዛሬው ዋጋ በ616 ብር ይበልጣል፤ ይህን ልዩነት ያየ ሰው «ገበያው ዋጋ ይጨምራል ብሎ ጠብቋል» ሊል ይችላል። ሂሳቡ ውስጥ ግን ስለ ሐምሌ ገበያ አንድም ግምት አልገባም። የገቡት የባንክ ወለድ፣ የመጋዘን ኪራይና የነቀዝ ድርሻ ናቸው፤ ሦስቱም ዛሬ የሚታወቁ ወይም በልምድ የሚለኩ ነገሮች ናቸው።

ከዚህ ስሌት የሚገኘው ጥቅም ዋጋ በማውጣት አያበቃም፤ የትኛው ወጪ ቢቀነስ ምን ያህል እንደሚያዋጣም ይናገራል። አየር የማያስገባው ባለ ብዙ ድርብ ከረጢት ነቀዙን በአየር እጥረት ይገድለዋል። በእርሱ ምክንያት ብክነቱ ከ2 በመቶ ወደ ግማሽ በመቶ ቢወርድ ዋጋው ወደ 4,546 ብር ይወርዳል። ስለዚህ የከረጢቱ ተጨማሪ ወጪ ከነወለዱ በኩንታል ከ69 ብር በታች እስከሆነ ድረስ መግዛቱ ያዋጣል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ከነቀዙ ጋር መኖሩ ይረክሳል።

አሁን ዋጋው ከ4,616 ርቆ ቢሄድ ምን ይሆናል የሚለውን እንይ፤ ዋጋውን ቦታው ላይ የሚይዘው ኃይል ያለው እዚህ ነው። ፋብሪካው ተሳስቶ 5,000 ብር እሰጣለሁ ቢል፣ ብድር የሚያገኝ ማንኛውም ሰው ዛሬ በ4,000 ገዝቶ፣ አከማችቶ፣ ሐምሌ ላይ አስረክቦ ከኩንታል 384 ብር ንጹሕ ትርፍ ያገኛል። የገበያ ስጋት የለበትም። እንዲህ ያለ ትርፍ ተደብቆ አይቆይም። ነጋዴው ሁሉ በቆሎ ለመግዛት ሲሻማ የዛሬው ዋጋ ከፍ ይላል፣ ለሐምሌ ለመሸጥ ሲሻማ ደግሞ የሐምሌው ዋጋ ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱም ወደ ማቆያ ወጪው ይጠባል።

በተቃራኒው የሐምሌው ዋጋ 4,200 ቢሆንስ? መጋዘኑ ውስጥ በቆሎ ያለውና እስከ ሐምሌ የማይነካው ሰው ዛሬ በ4,000 ሽጦ ገንዘቡን ባንክ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል፤ ለሐምሌ መልሶ በ4,200 ለመግዛት ይዋዋላል። የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ብንወስድ፣ በእርሱ ስሌት እህሉን ይዞ መቆየት እስከ ሐምሌ በኩንታል 4,383 ብር ያህል ያስወጣዋል። በ4,200 ከገዛ 183 ብር ያተርፋል። ልብ እንበል፤ ይህ ሰው ያሰላው በ7 በመቶ ነው፣ ያኛው ደግሞ በ18 በመቶ። ባንክ ሲያበድርና ሲያስቀምጥ ወለዱ አንድ ስላልሆነ ከ4,383 እስከ 4,616 ያለው ክልል ማንም ያለ ስጋት ሊያተርፍበት የማይችልበት ሜዳ ይሆናል። የመማሪያ መጻሕፍት አንድ ነጥብ አድርገው የሚጽፉት ዋጋ በእውነተኛው ገበያ እንዲህ ስፋት ያለው መስመር ነው፤ ወለድ በተራራቀበት አገር መስመሩ ይሰፋል። ድርድር የሚያስፈልገውም በዚህ ክልል ውስጥ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ወገኖች እኩል ጠንካራ አይደሉም፤ ለእህልና ለነዳጅ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል። ዋጋው ከጣሪያው ሲያልፍ ወደ ታች የሚያወርደው ሰው አይጠፋም፤ የሚያስፈልገው ገንዘብና መጋዘን ነው። ከወለሉ በታች ሲወርድ ግን ወደ ላይ የሚመልሰው በእጁ እህል ያለውና ለመሸጥ የፈቀደ ሰው ብቻ ነው። የመኖ ፋብሪካው ራሱ ለሚቀጥሉት ሁለት ወራት የሚፈጨው በቆሎ መጋዘኑ ውስጥ አለው። ዛሬ ሽጦ ለሐምሌ ርካሽ ቢገዛ በወረቀት ላይ ያተርፋል፤ ነገር ግን ወፍጮው ይቆማል፣ ደንበኞቹ ዶሮ አርቢዎች ወደ ሌላ ይሄዳሉ። ስለዚህ አይሸጥም። ዕቃው በእጅ መገኘቱ ራሱ የሚያስገኘው ይህ ጥቅም ከማቆያ ወጪው ላይ የሚቀነስ ሲሆን፣ እጥረት በበረታ ቁጥር ይገዝፋል። እህል በጠፋበት ዓመት ጥቅሙ ወለዱንም ኪራዩንም በልጦ የወደፊቱን ዋጋ ከዛሬው በታች ያደርገዋል። ለዚህ ነው በሚበላና በሚነድ ዕቃ ላይ የማቆያ ወጪ ጣሪያውን የሚነግረን፣ ወለሉን ግን የማይነግረን።

አዲስ ምርትም እንዲሁ ያደርጋል። ውሉ ለሐምሌ 1 መሆኑ ቀርቶ ለሚቀጥለው ዓመት ጥር 1 ቢሆን፣ የአሥራ ሁለት ወር ወለድና ኪራይ ደምረን ከ5,000 ብር የሚያልፍ ዋጋ ልናወጣ እንችላለን። ያን ዋጋ የሚሰጥ ግን የለም። በመካከል አዲሱ በቆሎ ይደርሳል፤ አሮጌውን በቆሎ አዲሱ እስኪደርስ ድረስ አቆይቶ ከእርሱ ጋር ማሻማት ማንም የማይፈልገው ሥራ ነው። የማቆያ ወጪ የሚሠራው የሚቆይ ዕቃ ካለ ነው። በምርት መካከል ካሉት ወራት አንዱን ከሌላው ያያይዛል፤ ምርትን ተሻግሮ ያሉትን ለማያያዝ ግን አቅም የለውም።

የመጋዘን ኪራይ ቋሚ ቁጥር ነው ብሎ ማሰብም አደገኛ ነው። ይህን ዓለም በአንድ ቀን ያየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሚያዝያ 20 ቀን 2020 ነበር። በኒውዮርክ ገበያ የሚገበያየው የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ ውል በርክክብ የሚፈጸመው በኦክላሆማ ግዛት ኩሺንግ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ የቧንቧ መስመሮች መገናኛና የታንከር መንደር ናት፤ የመያዝ አቅሟ ያኔ 76 ሚሊዮን በርሜል ያህል ነበር። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መኪናውም አውሮፕላኑም ስለቆመ የሚነድ ነዳጅ ቀነሰ፣ ከጉድጓድ የሚወጣው ግን በአንድ ጊዜ አልቆመም። ታንከሮቹ መሙላት ጀመሩ፤ ገና ያልሞሉትም ቀድመው ተከራይተው ነበር።

የግንቦት ወር ውል ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ውሉን የያዙትና ነዳጅ የሚያስቀምጡበት ስፍራ የሌላቸው ሰዎች በማንኛውም ዋጋ መውጣት ፈለጉ። የዚያ ቀን መዝጊያ ዋጋ በበርሜል ከዜሮ በታች 37 ዶላር ከ63 ሳንቲም ሆነ፤ ሻጩ ነዳጁን የሚወስድለትን ሰው እየከፈለ ማለት ነው። በዚያው ቀን የሰኔ ወር ውል የተዘጋው በ20 ዶላር ከ43 ሳንቲም ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው የ58 ዶላር ልዩነት በወለድ አይገለጽም፤ ወለድ ያኔ ዜሮ አካባቢ ነበር። ባዶ ታንከር ያለው ሰው ነዳጁን ከነምርቃቱ ተቀብሎ ለሰኔ በመሸጥ ከበርሜል 58 ዶላር ገደማ ማግኘት ይችል ነበር። ባዶ ታንከር ግን በገበያ አልነበረም። መጋዘን ሲያልቅ ኪራዩ የታሪፍ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው መሆኑ ይቀርና ተፈላጊው ቦታ የሚያወጣው ዋጋ ይሆናል። የእህል ነጋዴም ከመፈረሙ በፊት መጋዘኑን በቃል ሳይሆን በውል መያዝ ያለበት ለዚህ ነው።

እስካሁን ያየናቸው ዕቃዎች ሲቀመጡ ገንዘብ ይበላሉ። ሲቀመጡ ገንዘብ የሚወልዱም አሉ፤ አክሲዮን ከእነርሱ አንዱ ነው። ስሌቱ ያው ነው፣ ምልክቱ ብቻ ይገለበጣል፤ ወጪው ይደመራል፣ ገቢው ይቀነሳል።

የባንክ አክሲዮን ላላቸው አንባቢዎች ነገሩ ቅርብ ነው። የባንኮቻችን የሒሳብ ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ጠቅላላ ጉባኤው በጥቅምትና ኅዳር አካባቢ ይጠራል፣ የትርፍ ድርሻውም ከዚያ በኋላ ይከፈላል። አንድ ሰው መስከረም 1 ቀን ለሌላው፣ «አክሲዮኔን ጥር 1 ቀን አዛውርልሃለሁ፣ ዋጋውን ዛሬ እንስማማ» ቢለው፣ ዋጋው ስንት ነው? አክሲዮኑ ዛሬ 1,500 ብር ያወጣል፤ የአራት ወር ወለድ በ18 በመቶ ሂሳብ 90 ብር ነው። በመካከል ግን ሻጩ ታኅሣሥ 1 ቀን ከግብር በኋላ 200 ብር የትርፍ ድርሻ ይወስዳል፤ ያን ገንዘብ ለአንድ ወር ቢሠራበት 203 ብር ይሆንለታል። ዋጋው 1,500 ሲደመር 90 ሲቀነስ 203፣ ማለትም 1,387 ብር ነው።

ገዢው ከዛሬው ዋጋ በ113 ብር አንሶ ሲያገኝ ቅናሽ የተደረገለት ሊመስለው ይችላል። አልተደረገለትም፤ የዚህን ዓመት ትርፍ የወሰደው ሻጩ ነው። ለጥር የተዋዋለ ሰው በ1,500 ብር ከፈረመ የሌላ ሰው ኪስ ለገባ የትርፍ ድርሻ 113 ብር አብልጦ ከፍሏል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ውል ሲጻፍ «የዘንድሮው የትርፍ ድርሻ የሻጩ ነው» ወይም «የገዢው ነው» የሚለው አንድ መስመር የሚያመጣው ልዩነት ስለ አክሲዮኑ ተስፋ ከሚደረገው ረጅም ክርክር ሁሉ ይበልጣል። የገዢው ነው ከተባለ 203 ብሩ አይቀነስም፣ ዋጋውም 1,590 ይሆናል።

በትልልቆቹ ገበያዎች የሚዋዋሉት በአንድ አክሲዮን ብቻ ሳይሆን በመቶዎች በሚቆጠሩ ኩባንያዎች ጥቅል መለኪያ ላይ ነው። ኩባንያዎቹ ትርፍ የሚከፍሉበት ቀን የተለያየ ስለሆነ፣ በየቀኑ እየቀነሱ ከመሄድ ይልቅ ዓመታዊውን የትርፍ ድርሻ በመቶኛ ወስደው ከወለዱ ላይ ይቀንሱታል። ባለሙያዎች ሁሉንም በአንድ መስመር እንዲህ ይጽፉታል፦

```
F = S × e^((r + u − q) × T)
```

F የወደፊቱ ዋጋ፣ S የዛሬው ዋጋ፣ r ወለድ፣ u የማከማቻ ወጪ በመቶኛ፣ q የትርፍ ድርሻ በመቶኛ፣ T ጊዜው በዓመት ነው። e ወለዱ ያለማቋረጥ እንደሚወልድ አድርጎ የሚያሰላ የሒሳብ ቁጥር ነው፤ ለአጭር ጊዜ ውጤቱ እኛ በመደመር ካወጣነው ብዙም አይርቅም። መለኪያው 5,000፣ ወለዱ 5 በመቶ፣ የትርፍ ድርሻው 1.5 በመቶ ቢሆን፣ የሦስት ወር ዋጋው 5,044 ገደማ ይመጣል።

ስለ አሜሪካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 የወደፊት ውሎች ለዓመታት የታየው ነገር በዚህ መስመር ይገለጻል። ከ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ በኋላ ወለድ ወደ ዜሮ በወረደባቸው ዓመታት፣ የትርፍ ድርሻው 2 በመቶ አካባቢ ስለነበር የወደፊቱ ዋጋ ከዛሬው በታች ይገኝ ነበር። ወለዱ በ2023 ከ5 በመቶ ሲያልፍ ከዛሬው በላይ ወጣ። በመጀመሪያው ጊዜ ባለሀብቶች ተስፋ ቆርጠው፣ በሁለተኛው ደግሞ ተስፋቸው ለምልሞ አልነበረም፤ ወለዱ ከትርፍ ድርሻው ማነሱና መብለጡ ነው።

በአክሲዮን ላይ ስሌቱን የሚያበላሸው መጋዘን ሳይሆን የትርፍ ድርሻው ራሱ ነው። ወለድ በውል ይታሰራል፤ የትርፍ ድርሻ ግን ጉባኤው እስኪወስን ድረስ ግምት ነው። መጋቢት 27 ቀን 2020፣ በዚያው የወረርሽኝ ሰሞን፣ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ የዩሮ አገሮች ባንኮች ለጊዜው የትርፍ ድርሻ እንዳይከፍሉ መከረ፤ ሌሎች ኩባንያዎችም በገዛ ፈቃዳቸው ሰረዙ። ታላላቆቹ የፈረንሳይ ባንኮች ለደንበኞቻቸው በአክሲዮን ላይ የተመሠረቱ ውሎች በብዛት ሸጠው ነበር፤ ዋጋውን ያወጡትም ይከፈላል ብለው የጠበቁትን የትርፍ ድርሻ ቀንሰው ነው። ገቢው ሲቀር ክፍተቱ በእነርሱ ላይ ወደቀ፤ በዚያው ሩብ ዓመት ባወጡት ሒሳብ በዚህ ምክንያት ብቻ በመቶ ሚሊዮኖች ዩሮ የሚቆጠር ጉዳት አስመዘገቡ።